ማን ይቃወምሃል?
«ሥልጣን» ከሚል ሰፊ ጭብጥ ወደ አንድ የሚያከራክር ዓረፍተ ነገር

ተማሪ ሳለሁ ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አሥራ አራት ገጽ ጽፌ አስረከብኩ። ርእሱ «ሥልጣን በፍቅር እስከ መቃብር» የሚል ነበር። ሦስት ሌሊት አምሽቼበታለሁ፤ እጅ ጽሑፌም ያምር ነበር። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከአሥራ አራቱ ገጽ በአሥራ ሦስቱ ላይ አንድም የቀይ እስክሪብቶ ምልክት የለም። መምህራችን የጻፉት በመጀመሪያው ገጽ፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጎን ነው፤ እሱም ሁለት ቃል ብቻ፦ «ማን ይቃወምሃል?»

ያ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ይህ ልብ ወለድ በፊውዳሉ ሥርዓት ሥልጣን ሕዝቡን እንዴት ይጨቁን እንደነበር ያሳያል።» ቅር ብሎኝ ቢሯቸው ሄድኩ።

«የጻፍኩት ስሕተት ነው እንዴ ጋሼ?»

«ስሕተት ቢሆንማ ጥሩ ነበር» አሉኝ። «የተሳሳተ ነገር ሰው ያነሣዋል፣ ይጥለዋል፣ ይማርበታል። ያንተን ግን ማንም አይነካውም። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ ስለ ዘመኑ የሰማውን ይዞ ሊጽፈው ይችላል።»

ዛሬ የሌሎችን ጽሑፍ ማንበብ የራሴ ሥራ ሆኗል፤ ያችን ዓረፍተ ነገርም በየጊዜው አገኛታለሁ። የመጽሐፉ ስም ይለወጣል፤ «ሥልጣን» በ«ፍቅር»፣ በ«ስደት» ወይም በ«ድህነት» ይተካል፤ አጥንቷ ግን ያው ነው። ጸሐፊው አንድ ትልቅ ቃል ይይዝና ልብ ወለዱ ያንን ቃል «ያሳያል» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚቀጥለው ገጽ ሁሉ የታሪኩ ቅንጭብ ይሆናል፤ ምክንያቱም የሚከራከሩበት ነገር ከሌለ ያለው አማራጭ መተረክ ነው።

ከዚያች ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚወጣ በዚያው መጽሐፍ ላይ ላሳይ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የመረጥኩት በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ብዙ ሰው ስላነበበው፣ ያላነበበውም በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ስለሰማው ነው። ታሪኩን ሁሉም ስለሚያውቀው ዓይናችን በክርክሩ ላይ ብቻ ማረፍ ይችላል።

ጭብጥና ሙግት

ጭብጥ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር ቃል ነው። መከራከሪያ ሐሳብ ደግሞ ስለዚያ ነገር ጸሐፊው የያዘው አቋም ነው። «ሥልጣን» ጭብጥ ነው፤ ማንም ሊስማማበት ወይም ሊቃወመው አይችልም፤ ቃል ብቻ ነውና። «ሥልጣን በፍቅር እስከ መቃብር» ስንልም ቦታውን ጠቆምን እንጂ ገና ምንም አልተናገርንም።

ልዩነቱ ለእኛ አዲስ አይደለም። በዳኛ ፊት የቆመ ከሳሽ «ይህ ሰው ክፉ ነው» ቢል ችሎቱ የሚይዘው ነገር የለም። ዳኛውም የሚጠይቀው «ምን አደረገህ? የት? መቼ? በምን?» ብሎ ነው። ከሳሹ «ከወንዙ ማዶ ባለው እርሻዬ ድንበሬን ሁለት ክንድ ገፋኝ» ሲል ነገሩ መልክ ይይዛል። አሁን ተከሳሹ «አልገፋሁም» ሊል ይችላል፤ ምስክር ሊጠራ፣ ድንበሩም በገመድ ሊለካ ይችላል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለውም ለዚህ ነው።

የድርሰት መከራከሪያ ሐሳብም እንደዚያ ከሳሽ ቃል ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። ወሰን ያስፈልገዋል፤ ከመጽሐፉ የትኛውን ክፍል እንደሚመለከት መታወቅ አለበት። ተቃዋሚ ያስፈልገዋል፤ መጽሐፉን በሚገባ ያነበበ ሰው በቅንነት «አይደለም» ሊለው መቻል አለበት። ምስክርም ያስፈልገዋል፤ ገጹ ተገልጦ የሚታይ ቃል፣ ድርጊት ወይም ዝምታ።

የእኔ ዓረፍተ ነገር ሦስቱንም አልነበራትም። ወሰኗ መላው መጽሐፍ ነው። ተቃዋሚ የላትም፤ የዚያ ዘመን ሥልጣን ጨቋኝ አልነበረም ብሎ በዚህ መጽሐፍ ላይ የሚሟገት ሰው ማግኘት ይከብዳልና። ምስክሯም ሁሉም ገጽ ስለሆነ አንዱም ገጽ አይደለም።

አንድ ቃል ሲበተን

ሰፊ ቃል የሚጠበው በመቁረጥ ብቻ አይደለም። ብዙዎች ለማጥበብ ብለው «ሥልጣን»ን «የፊውዳል ሥልጣን» ያደርጉታል። ቅጽል ጨመሩለት እንጂ አላጠበቡትም። የሚሻለው ቃሉን ወደ ሰዎች መመለስ ነው፦ ማን፣ በማን ላይ፣ በምን መሣሪያ?

ጥያቄውን ይዘን መጽሐፉን እንደገና ስናነብ አንዱ «ሥልጣን» ቢያንስ አራት ሆኖ ይበተናል።

የመጀመሪያው ሁሉም የሚያስታውሰው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በገበሬዎቻቸው ላይ ያላቸው ሥልጣን ነው፤ መሣሪያውም ግብርና ጦር ነው። ይህ ሥልጣን በመጽሐፉ ውስጥ ይናጋል፤ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ይቋቋሟቸዋል፣ ይማርኳቸዋልም።

ሁለተኛው የእኚሁ ሰው ሥልጣን በገዛ ልጃቸው በሰብለ ወንጌል ላይ ነው። እዚህ መሣሪያው ጋብቻ ነው። ለዘሯ የሚመጥን ባል አልተገኘም እየተባለ ጠያቂው ሁሉ ሲመለስ የሰብለ የጋብቻ ዕድሜ ያልፋል።

ሦስተኛው ፊታውራሪ ወይም ጦር የለውም። የአካባቢው ሰው በካሳ ዳምጤ ላይ ያለው ሥልጣን ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ስም ማውጣት ነው። ሰውዬው ስለ ልማድና ስለ ዘር ኩራት የሚናገረውን ሰምቶ ከመመለስ «ጉዱ ካሳ» ብሎ ዕብድ ማድረግ ይቀላል።

አራተኛው እኔ ያንጊዜ በአሥራ አራት ገጽ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ያላነሣሁት ነው። ማንኩሳ ላይ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት ልጃቸውን በዛብህን ለእግዚአብሔር ይሳላሉ። በዛብህ ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት የሚሄደውና ለዲማ ጊዮርጊስ የሚበቃው በዚያ ስለት ነው። ሕይወቱ ምን እንደሚሆን የተወሰነው እሱ ሊጠየቅ በማይችልበት ዕድሜ ነው። ይህም ሥልጣን ነው፤ መሣሪያው ግን ጅራፍ ሳይሆን ፍቅርና ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው።

ከአራቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። አራቱንም ይዤ ልሂድ ያለ ጸሐፊ «በፍቅር እስከ መቃብር ሥልጣን በግብር፣ በጋብቻ፣ በስምና በስለት ይገለጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ይህ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ቢያንስ መጽሐፉን ማንበቡን ያሳያል። ግን ዝርዝር ነው። ከዝርዝር ጋር ማንም አይጣላም፤ የተረሳ ነገር ካለ ይጨምርበታል እንጂ።

የማይገጥመውን መፈለግ

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ? እኔ ለተማሪዎች የምነግራቸው ከሚታወቀው ጋር የማይገጥመውን እንዲመርጡ ነው። መጽሐፉን ስናስታውስ በልባችን የተቀመጠ አንድ የተለመደ ንባብ አለ፤ የፊታውራሪው ቤት ጨቋኝ፣ ፍቅረኞቹ ተጨቋኝ፣ መጨረሻቸውም መቃብር። ከዚህ ንባብ ጋር የሚጋጭ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ካገኘን ለክርክር የሚሆን ቦታ አገኘን ማለት ነው።

ሁለት የማይገጥሙ ነገሮች አሉ። አንደኛው የበዛብህ ሞት ነው። «ፍቅረኞቹን የገደላቸው የባላባቱ ሥልጣን ነው» ማለት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በዛብህ በፊታውራሪ መሸሻ እጅ አይሞትም። ነገሩ ሲታወቅ ከዲማ አምልጦ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ለሞት የሚያበቃው ቁስልም በመንገድ ላይ ካገኙት ወንበዴዎች የመጣ ነው። መነኩሴ መስላ ከቤቷ የወጣችው ሰብለ የምትደርስበት ከቆሰለ በኋላ ነው። እንግዲህ «ሥልጣኑ ገደላቸው» የሚል ጸሐፊ ለእነዚያ ወንበዴዎች መልስ ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛው የማይገጥም ነገር ያው ስለቱ ነው። ቦጋለና ውድነሽ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በማንም ላይ አልተሾሙም፤ ልጃቸውን ይወዱታል። ሆኖም ያደረጉትን ከፊታውራሪ መሸሻ ድርጊት አጠገብ ስናስቀምጠው መልኩ ይመሳሰላል። በዲማ አባት ልጁ ማንን እንደማታገባ ይወስናል፤ በማንኩሳ አባትና እናት ልጃቸው ለማን እንደሚሰጥ ይወስናሉ። ሁለቱም ለልጁ በጎ ያሰቡ ይመስላቸዋል። ደራሲው መጽሐፉን ከዲማ ሳይሆን ከማንኩሳ መጀመሩም እንዲሁ የሆነ አይመስልም።

እዚህ ላይ አንባቢ «ኧረ እንዴት ይመሳሰላል?» ብሎ ብድግ ካለ ጥሩ ቦታ ላይ ደርሰናል። ተቃዋሚ ተገኝቷል ማለት ነው።

ሦስት ረቂቅ

የመጀመሪያው ረቂቅ ይህ ይሁን፦ «በፍቅር እስከ መቃብር ወላጆች በልጆቻቸው ላይ ያላቸው ሥልጣን ባላባት በገበሬ ላይ ካለው ሥልጣን ይከፋል።»

ይህ ተቃዋሚ አለው፤ ወሰንም አለው። ችግሩ «ይከፋል» የሚለው ቃል ላይ ነው። በምን ተለክቶ? በሚያመጣው ሥቃይ ነው? በሚቆይበት ዘመን ነው? ወይስ በሚነካው ሰው ብዛት? መለኪያ የሌለው ማወዳደሪያ ክርክሩን ወደ ስሜት ይወስደዋል። «ይከፋል»፣ «ይበልጣል»፣ «ወሳኝ ነው»፣ «ጥልቅ ነው» የሚሉ ቃላት በረቂቅ ውስጥ ሲገኙ መለኪያቸው በዚያው ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት፤ ካልተቻለ መውጣት አለባቸው።

ሁለተኛው ረቂቅ፦ «የቦጋለና የውድነሽ ስለት የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ሰብለን የሚያስረውን ያህል በዛብህን ያስረዋል።»

አሁን ነገሩ ወደ ሁለት ቤትና ወደ ሁለት ልጆች ጠበበ። ግን ተቃዋሚውን በደንብ እናዳምጠው። «‹ያህል› ትላለህ» ይለናል። «ሰብለ ቤት ውስጥ ተጠብቃ የምትኖር ናት። በዛብህ አገር ለአገር ዞሮ ቅኔ የተማረ ወንድ ነው። የማንኩሳ ወላጆቹ ጦር የላቸውም፤ አሽከር አይልኩበትም። ደግሞስ ስለቱ ቢያስረው ኖሮ መቼ ሰብለን ይወድ ነበር?»

ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው። ደካማ ጸሐፊ በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ተቃውሞውን አልሰማሁም ብሎ ይቀጥላል፤ ወይ «በተወሰነ መልኩ»፣ «አንዳንድ ጊዜ» የሚሉ ቃላትን ጨምሮ ዓረፍተ ነገሩን ያለሰልሰዋል። ማለስለስ ማጥበብ አይደለም። የለሰለሰ ሐሳብ ወደ መጀመሪያው፣ ማንም ወደማይቃወመው ዓረፍተ ነገር ይመለሳል።

የሚበጀው ተቃዋሚው ያቀበለንን መውሰድ ነው። እውነት ነው፤ ሁለቱ እኩል አይደሉም። በዛብህ ጠባቂ የለበትም። ታዲያ ጠባቂ ሳይኖር ስለቱ የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? መልሱ ስለቱ ያለበት ቦታ ላይ ነው። የሰብለ አባት ሥልጣን ከሰብለ ውጭ ነው፤ በር፣ አጥር፣ አሽከር አለው። አጥር ያለው ነገር መውጫም አለው፤ ሰብለም መነኩሴ መስላ ትወጣለች። ስለቱ ግን በበዛብህ ኅሊና ውስጥ ነው፤ ወደ የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። ተቃዋሚው ልዩነት ያለው ቦታ ላይ እውነትም ልዩነት አለ፤ ግን ልዩነቱ እሱ ካሰበው በተቃራኒ ይሠራል።

ሦስተኛው ረቂቅ ከዚህ ይወጣል፦

«በፍቅር እስከ መቃብር ለማምለጥ የሚከብደው የወላጅ ሥልጣን ጦርና አሽከር ያላቸው የፊታውራሪ መሸሻ ሳይሆን፣ በማንም ላይ ሹመት የሌላቸው የቦጋለና የውድነሽ ነው፤ ምክንያቱም ሰብለ የአባቷን ትእዛዝ ከቤት በመውጣት ትገላገለዋለች፣ በዛብህ ግን ስለቱን በኅሊናው ተሸክሞ ይሸሻል።»

አንድ «ሥልጣን» ከሚል ቃል ተነሥተን እዚህ ደረስን። ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ርዝመቱ አይከፋም። የሚናገረው ነገር ግን ጠቧል። ከአራቱ የሥልጣን ዓይነቶች ሁለቱን ብቻ ይዟል፤ ገበሬውንና ጉዱ ካሳን ትቷል። «ይከፋል» የሚለው ቃል ሄዶ «ለማምለጥ የሚከብድ» የሚል መለኪያ ያለው ቃል ገብቷል። መውጣትና አለመውጣት በገጽ ላይ ሊታይ የሚችል ነገር ነውና።

ሁለት ትንንሽ ቃላት ደግሞ ትልቁን ሥራ ሠርተዋል። «ሳይሆን» የሚለው ተቃዋሚውን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አቁሞታል። «ምክንያቱም» የሚለው ደግሞ ለቀጣዮቹ ገጾች መንገድ ጠርጓል፤ መጀመሪያ የሰብለ መውጣት፣ ቀጥሎ የበዛብህ ሽሽት፣ በመጨረሻ የሁለቱ ንጽጽር። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ከ«ሳይሆን» በፊት የሚቆመው አንባቢ በእውነት የሚያምነው ነገር መሆን አለበት። «መጽሐፉ ስለ እርሻ ሳይሆን ስለ ፍቅር ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ማንም ያልቆመበትን ቦታ ነው የሚያጠቃው።

ሐሳቡን መፈተን

ዓረፍተ ነገሩ ተገኘ ማለት ተረጋገጠ ማለት አይደለም። መጻፍ ከመጀመራችን በፊት ራሳችንን የምንጠይቀው ከባድ ጥያቄ አለ፦ ምን ባገኝ ይህን ሐሳብ እተወዋለሁ?

በእኛ ምሳሌ መልሱ ግልጽ ነው። በዛብህ ከሰብለ ጋር ከተዋደደ በኋላ ስለቱን ጨርሶ የማያስበው ከሆነ ሐሳባችን ይወድቃል። ስለዚህ መጽሐፉን እንደገና የምናነበው ስለ «ሥልጣን» ጥቅስ ለመልቀም አይደለም። ስለቱ የሚነሣባቸውን ቦታዎች ለይተን እያንዳንዱን እንጠይቃለን፦ ያነሣው ማን ነው? በዛብህ ራሱ በልቡ ነው ወይስ ሌላ ሰው በውጭ? በጸጸት ነው፣ በፍርሃት ነው፣ ወይስ በምክንያትነት? በዛብህ ራሱ በልቡ ባነሣው ቁጥር ሐሳባችን ይበረታል፤ ሰው ሲያስታውሰው ብቻ የሚያስበው ከሆነ ይዳከማል።

ከሰብለ ወገን የሚመጣም ፈተና አለ። «ሰብለ ብትወጣም የዘር ኩራቱን ከልቧ አውጥታለች ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አባቷ ባሎቹን ሲመልሱ ለምን ዝም አለች? ዝምታዋ የአባቷ ሥልጣን በእሷም ውስጥ ተተክሎ እንደነበር አያሳይም? ይህን ጥያቄ የሚደብቅ ጽሑፍ ይፈርሳል፤ ገልጦ የሚመልስ ጽሑፍ ግን ከሁሉ የተሻለ አንቀጹን ያገኛል። ሰብለ ያን ነገር ከውስጧ ማውጣት መቻሏ፣ በዛብህ ደግሞ አለመቻሉ፣ የጽሑፉ እምብርት ሊሆን ይችላልና።

«ስለቱ ቢያስረው ኖሮ መቼ ይወድ ነበር?» የሚለውም ገና መልስ ይፈልጋል። እዚህ ላይ «መታሰር» ማለት አለማድረግ እንዳልሆነ መናገር ያስፈልጋል። ሰው የተከለከለውን ሊያደርግ ይችላል፤ ግን እያደረገው ሊፈራ፣ ሲደርስበት መከራ ሁሉ የጥፋቱ ዋጋ ሊመስለው ይችላል። በሦስተኛው ረቂቅ «ያስረዋል» የሚለውን ትተን «ተሸክሞ ይሸሻል» ያልነው ለዚህ ነው። አንድ ግሥ መለወጥ አንዳንዴ ሙሉ ምዕራፍ ከመጨመር ይበልጣል።

መንገድ የሚስቱባቸው ቦታዎች

ይህን ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች በብዛት የሚወድቁባቸው ጉድጓዶች ጥቂት ናቸው፤ ከታወቁ መዝለል አይከብድም።

አንዱ ምክር ነው፦ «ሥልጣን በአግባቡ ካልተሠራበት ጥፋት ያመጣል።» ይህ ስለ ዓለም የተነገረ ተግሣጽ እንጂ ስለ መጽሐፉ የተነገረ ነገር አይደለም። መጽሐፉን ብናወጣው ዓረፍተ ነገሩ ሳይጎድል ይቆማል፤ ምልክቱም ይኸው ነው። ሌላው ምስጋና ነው፦ «ሐዲስ ዓለማየሁ ሥልጣንን ድንቅ አድርገው ሥለውታል።» በዚህ ላይ የሚቀርበው ማስረጃ ተጨማሪ ምስጋና ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛው ከልክ በላይ መጥበብ ነው። «ፊታውራሪ መሸሻ በአበጀ በለው በሚመሩ ገበሬዎች ይማረካሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር በጣም ጠባብ ነው፤ ግን መጽሐፉን ገልጦ በአንድ ደቂቃ ይረጋገጣል። የተረጋገጠ ነገር ማስረጃ ይሆናል እንጂ መከራከሪያ አይሆንም። በሰፊውና በጠባቡ ማዶ ያለው ችግር አንድ ነው፤ ሁለቱንም የሚቃወም የለም። አንደኛውን ሁሉም ስለሚያምነው፣ ሌላውን ሁሉም ስለሚያየው።

አራተኛው የደራሲውን ሕይወት ወደ መጽሐፉ ማስገባት ነው። ሐዲስ የጎጃም ልጅ ናቸው፤ በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ፣ ኋላም በመንግሥት ከፍተኛ ኃላፊነት የሠሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ «ደራሲው ሥልጣንን ከውስጥ ስላወቁት እንዲህ ጻፉ» ማለት ይቀናል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ስለ አንድ ሰው ልብ የሚደረግ ግምት ነው፤ የልብ ወለዱ ገጽ ሊመሰክርለት አይችልም።

ሌላ ሰው ሌላ መንገድ

ከአንድ ጭብጥ አንድ ትክክለኛ መከራከሪያ ብቻ ይወጣል ማለቴ አይደለም። ከአራቱ ሥልጣኖች ሦስተኛውን የመረጠ ሰው ወደ ሌላ ቦታ ይደርሳል። እሱም እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የአካባቢው ሰው ካሳን ዝም ለማሰኘት ‹ጉዱ› ቢለውም፣ ያ ስም ሌላው ሰው የማይደፍረውን እንዲናገር ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ በፍቅር እስከ መቃብር ዕብድ መባል ቅጣትም መሸሸጊያም ነው።» ይህም ወሰን አለው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ስም። ተቃዋሚም አለው፤ «ማንም ካልሰማው ፈቃዱ ምን ይጠቅማል?» የሚል። ምስክሩም ካሳ በሚናገርባቸው ገጾች ሁሉ ላይ ይገኛል።

ሁለቱ ጸሐፊዎች የጀመሩት ከአንድ ቃል ነው። ጽሑፋቸው ግን አንድም ገጽ ላይመሳሰል ይችላል፤ ቢገናኙም የሚያወሩት አያጡም። «ሥልጣን ያሳያል» ብለው የጻፉ አሥር ሰዎች ቢገናኙ ግን የሚያወሩት የላቸውም፤ አሥሩም አንድ ነገር ነው የጻፉት።

ያን አሥራ አራት ገጽ እንደገና ጽፌ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ስድስት ገጽ ሆነ። ከመጀመሪያው የቀረው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ስለ ገበሬዎቹ አመፅ የጻፍኩት አምስት ገጽ ያምር ስለነበር መጣሉ ቆጭቶኛል፤ ግን ለአዲሱ ሐሳብ ምስክር አልሆነም። መምህራችን ሲመልሱልኝ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሞልቶ ነበር፤ «አይደለም»፣ «ሰብለስ?»፣ «ይህን ገጽ እንደገና አንብበው»፣ «እዚህ ላይ አልስማማም»። በኅዳጉ የተጻፈው ብዛት ከእኔ ጽሑፍ የሚተናነስ አልነበረም።

ማርኩ ያን ያህል ከፍ አላለም። ግን ሰውዬው ተቃውመውኛል።